በጅማ ሸለቆ ፎቶግራፍ ላይ የሚታዩት የውኃ መስመሮች፣ ደረጃዎችና ክቡ ቦታ

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። ከአባቴ ዕቃ ውስጥ አንድ የቀለም ፎቶግራፍ አገኘሁ፤ ከጀርባው “ጅማ፣ ጥር 1979” ይላል። ከኮረብታ ላይ ወደ ታች የተነሳ ነው። ከሸለቆው ግርጌ በውኃ መስመሮች የተከፋፈለ አረንጓዴ ማሳ አለ፤ ሩዝ ነው? ከእሱ ከፍ ብሎ ስድስት ወይም ሰባት ደረጃዎች ይታያሉ፤ እንደ ኮንሶ ያለ እርከን ነው? ከአንድ ጎጆ አጠገብ ደግሞ ከአውሮፕላን ላይ የሚታዩትን የመስኖ ክቦች የሚመስል ክብ ነገር አለ። ከሁሉም በላይ ጫካ ነው። ቦታው በእርግጥ ጅማ መሆኑን ከእርሻው መለየት ይቻላል?»

ምላሽ፦

ጤና ይስጥልኝ። ከጀርባው የተጻፈው ወር ከፎቶግራፉ ቀለም የበለጠ ይረዳናልና ከእሱ ልጀምር። በጅማ ዙሪያ ዝናቡ ከመጋቢት አካባቢ ጀምሮ ቀስ በቀስ ይበረታል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ይጠነክርና ከጥቅምት በኋላ ይቀንሳል። ጥር ከዓመቱ ደረቅ ወራት አንዱ ነው። በዚህ ወር በዝናብ ብቻ የሚለማው የኮረብታ ማሳ ተሰብስቦ ያለቀ በመሆኑ፣ ከዛፍና ከቋሚ ተክል ውጭ ለምለም ሆኖ የሚታይ መሬት ካለ ውኃውን የሚያገኘው ከዕለቱ ዝናብ ሳይሆን ከሌላ ምንጭ ነው። ስለዚህ በሸለቆው ግርጌ ያዩት አረንጓዴ ማሳ የፎቶግራፉ ዋና ማስረጃ ነው፤ እኔም ብዙውን የምጽፈው ስለ እሱ ነው።

አስቀድሜ ስለ ቀለሙ አንድ ማሳሰቢያ ልስጥ። በዚያ ዘመን የታተሙ ብዙ የቀለም ፎቶግራፎች ሲቆዩ ሰማያዊና አረንጓዴያቸው እየደከመ ወደ ቀይ ያዘነብላሉ። በዚህም ምክንያት ደርቆ ያልነበረ ሣር ቡናማ፣ ቀይ ያልነበረ አፈር ቀይ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ሰብልን ከእንዲህ ያለ ፎቶግራፍ ለመለየት ስንሞክር ከቀለሙ ይልቅ የማሳውን ጠርዝ፣ የተክሉን አቀማመጥ፣ የጥላውን ርዝመትና የውኃውን ቦታ ማመን ይሻላል።

የሩዝ ማሳና ውኃው የተንጣፈፈ የጨፌ፣ ማለትም የረግረግ መሬት፣ እርሻ ከሩቅ ሲታዩ በጣም ይመሳሰላሉ። ሁለቱም የሚገኙት በሜዳማ ሸለቆ ነው፤ ሁለቱም በመስመር የተከፋፈሉ ናቸው፤ ሁለቱም ላይ ውኃ ያብረቀርቃል። ልዩነቱ ውኃው የተቀመጠበት ቦታ ላይ ነው። በሩዝ ማሳ ውኃው የሚተኛው በመደቡ ውስጥ ነው፤ መደቦቹን የሚለየው መስመር ደግሞ ከውኃው ከፍ ያለ፣ ሰው የሚሄድበት የአፈር ግድብ ነው። በተንጣፈፈ ጨፌ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ መደቡ ደረቅና ከፍ ያለ ሲሆን ውኃው ያለው በመስመሮቹ ውስጥ፣ ማለትም በተቆፈሩት ቦዮች ውስጥ ነው። አንደኛው ገበሬ ውኃ ለማቆየት ሲሠራ ሌላኛው ውኃ ለማስወጣት ይሠራል። እርስዎ «በውኃ መስመሮች የተከፋፈለ» ብለው የጻፉት ያዩትን በትክክል ከሆነ ፎቶግራፉ የሚያሳየው ሁለተኛውን ነው።

ይህን የሚያጠናክር ሌላ ምልክትም አለ። የሩዝ ግድቦች ውኃው በየመደቡ እኩል እንዲተኛ ስለሚፈለግ የመሬቱን እኩል ከፍታ ተከትለው ይታጠፋሉ፤ እያንዳንዱ መደብም በራሱ የተዘጋ ነው። የጨፌ ቦዮች ግን መውጫ ያስፈልጋቸዋል። አንድ ሰፊ ዋና ቦይ በሸለቆው መሐል ወደ ታች ይወርዳል፤ ከዳርና ከዳር፣ ከኮረብታው ሥር የሚመነጨውን ውኃ የሚቀበሉ ቀጫጭን ቦዮች በአግድም እየመጡ ወደ እሱ ይገባሉ። ፎቶግራፉን በአጉሊ መነጽር አይተው መስመሮቹ ወደ አንድ መሐለኛ መስመር የሚሰበሰቡ ከሆነ፣ መገናኛቸውም ወደ ሸለቆው መውጫ ያዘነበለ ከሆነ፣ ማንጣፈፊያ ቦይ ናቸው ማለት ነው።

ከዚያ ደግሞ ወቅቱ አለ። በአገራችን ረግረግ ላይ የሚበቅለው ሩዝ በብዛት የሚታወቀው ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ ባለው የፎገራ ሜዳ ነው። እዚያም የክረምቱን ዝናብና ጎርፍ ተከትሎ በሰኔ አካባቢ ተዘርቶ በኅዳርና በታኅሣሥ የሚታጨድ በመሆኑ በጥር ማሳው ገለባ ብቻ ይሆናል። ደግሞም ሩዝ በፎገራ የተጀመረው በ1970ዎቹ፣ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ፣ በጅግናና በሻጋ የገበሬዎች ማኅበራት ነበር፤ በ1979 ዓ.ም. ገና አዲስ ሰብል ነው። ዛሬ በደቡብ ምዕራብ ሩዝ የለም ማለት አይደለም። በቡኖ በደሌ ዞን በጨዋቃ ወረዳ ከ1996 ዓ.ም. ሰፈራ በኋላ ሩዝ የታወቀ ሰብል ሆኗል። ነገር ግን እዚያ በብዛት የሚዘራው በዝናብ እርጥበት የሚበቅል የደረቅ መሬት ሩዝ ስለሆነ ውኃ የተኛበት መደብ አይፈልግም። በጥር ወር፣ በ1979 ዓ.ም.፣ በጅማ ሸለቆ ውኃ የተኛበት የሩዝ ማሳ እንዲኖር ቋሚ መስኖና ዘሩ ራሱ መኖር ነበረባቸው።

ታዲያ በጨፌው ላይ የበቀለው ምንድን ነው? በዚህ አካባቢ ገበሬው ክረምቱ ሲያበቃ ቦዮቹን ይጠርግና ያጠልቃል፤ የላይኛው አፈር እየጠነፈፈ ሲሄድ በጥርና በየካቲት ግድም በቆሎ ይዘራል። ተክሉ የሚያድገው በአፈሩ ውስጥ በቀረው እርጥበት ነው። ከኮረብታው በቆሎ ቀድሞ ስለሚደርስም የጎተራው እህል በሚያልቅበት የክረምት ወራት ለእሸት ይበቃል። ቀድሞ የጠነፈፈ መደብ ቀድሞ ይዘራልና በአንድ ፎቶግራፍ ላይ አንዱ መደብ ባዶ ጥቁር አፈር፣ ጎረቤቱ ደግሞ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ተክል ሆነው ቢታዩ የሚጠበቅ ነው። በቆሎ በመስመር ባይዘራ እንኳ በተክልና በተክል መካከል አፈር ይታያል። ሸንኮራ አገዳ ከሆነ ጥቅጥቅ ያለና ከሰው ቁመት የሚበልጥ ሆኖ በመደቡ ጠርዝ ላይ ረጅም ጥላ ይጥላል። ጎደሬ ደግሞ በሰፊ ቅጠሉ ይለያል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘውም እርጥበቱ በሚበረታበት በቦዩ አጠገብ ነው። እርስዎ ወጥ የሆነ አረንጓዴ ምንጣፍ አይተው ከሆነ ግን ያ የመደቡ ክፍል ያልታረሰ ጨፌ፣ ማለትም ለቤት ጉዝጓዝና ለክዳን የሚታጨደው ረጅም ሣር ያለበት ሊሆን ይችላል። በቦዮች መካከል እንዲህ ያለ ሣር ተትቶ ማየት የተለመደ ነው፤ እኔም እንዲህ ያለውን ሸለቆ ሳይ ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም ሣሩ እስካለ ድረስ የከርሰ ምድሩ ውኃ ከሥሩ አልራቀም ማለት ነው።

ጨፌው ከመጠን በላይ ሲንጣፈፍ ግን ጉዳቱ በፎቶግራፍ ላይ ጭምር ይታወቃል። ቦዩ ከሚገባው በላይ ሲጠልቅ የውኃው ወለል ከበቆሎው ሥር በታች ይወርዳል፤ መሬቱ ይሰነጠቃል፤ ረጅሙ የጨፌ ሣር ጠፍቶ በቦታው አጭር የግጦሽ ሣር ይበቅላል። ከብት በብዛት የሚግጥበት፣ ቦዩ ዳርና ዳሩ የተናደበት፣ በጠርዙም ባሕር ዛፍ በተርታ የቆመበት ሸለቆ ካዩ ያ ጨፌ ወደ ደረቅ ሜዳነት እየተለወጠ ነው። ጠንቃቃ ገበሬ አዝመራውን ከሰበሰበ በኋላ የቦዮቹን አፍ በአፈርና በሣር ቋጠሮ ዘግቶ ክረምቱ ሸለቆውን እንደገና እንዲያጥለቀልቀው ያደርጋል። በእርስዎ ፎቶግራፍ ላይ በዋናው ቦይ አጠገብ የአፈር ክምር ወይም የቦይ መዝጊያ የሚመስል ነገር ካለ ይህንኑ ሥራ የሚያሳይ ሊሆን ይችላል።

ወደ ደረጃዎቹ ልለፍ። ከሩቅ ደረጃ መስሎ የሚታየው ሁሉ እርከን አይደለም። በ2003 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን 2011) በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የኮንሶ እርከን ፊቱ በድንጋይ የተካበ፣ የኮረብታውን እኩል ከፍታ ይዞ ረጅም መንገድ ሳይቋረጥ የሚጓዝ፣ ከላይ እስከ ታች በቅርብ ርቀት የሚደጋገም ነው። የጅማ ኮረብታዎች በአብዛኛው ጥልቅ ቀይ አፈር የለበሱ ስለሆኑ ለካብ የሚሆን ድንጋይ እንደ ኮንሶ በየማሳው አይገኝም። በዚህ አካባቢ በኋላ የተስፋፋው የአፈር እርከን ነው፤ በተለይ ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በሕዝብ ተሳትፎ በተካሄዱት የተፋሰስ ሥራዎች ብዙ ተሠርቷል። በ1979 ዓ.ም. የእርከን ዘመቻው ያተኮረው በሰሜኑና በሐረርጌ ደጋዎች ላይ ስለነበር በያኔው የከፋ ክፍለ ሀገር እንዲህ ያለ ሥራ የመገኘቱ ዕድል አነስተኛ ነው።

የታቀደ የአፈር እርከን ከሆነ በርቀቱ ይታወቃል። ባለሙያው የሚለካው ከአንዱ እርከን እስከ ሌላው ያለውን የከፍታ ልዩነት ነው። ይህ ልዩነት በግምት ከ1 እስከ 1.5 ሜትር ነው ብንልና ተዳፋቱ በመቶ 10 ቢሆን፣ በእርከኖቹ መካከል ከ10 እስከ 15 ሜትር ስፋት ይኖራል፤ ተዳፋቱ በመቶ 20 ሲሆን ስፋቱ በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ በአንድ ኮረብታ ላይ መሬቱ ይበልጥ በቆመበት ስፍራ መስመሮቹ ይቀራረባሉ፤ በተኛበት ስፍራ ይራራቃሉ። በተጨማሪም ዝናብ በሚበዛበት እንደ ጅማ ባለ አገር ያለ ምንም ዝንባሌ ፍጹም አግድም ሆኖ ውኃ የሚያቁር እርከን ሞልቶ ይሰበራል። ስለዚህ መስመሩ ወደ አንድ ሣር የለበሰ የውኃ መውረጃ በጥቂቱ እንዲያዘነብል ይደረጋል። የተሰበረ እርከን ካለ ከስብራቱ በታች እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ የታጠበ አፈር ይታያል።

እርስዎ ስድስት ወይም ሰባት ደረጃዎች ብለዋል። እነዚህ እኩል ካልተራራቁ፣ አንዳንዶቹ በኮረብታው መሐል ላይ ካበቁ፣ ወደ ላይ በሚወጣ የቁጥቋጦ አጥር ላይም ከተቋረጡ፣ የእኔ ግምት በሣር ወሰን ላይ በጊዜ ብዛት የተፈጠሩ ደረጃዎች ናቸው የሚል ነው። ገበሬው በሁለት ማሳዎች መካከል የማይታረስ የሣር መስመር ይተዋል። በበሬ በተደጋጋሚ ሲታረስ አፈሩ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ወደ ታች ይወርድና ሣሩ ይዞ ያስቀረዋል። የላይኛው ማሳ ግርጌ ከፍ እያለ፣ የታችኛው ማሳ ራስ ደግሞ እየተሸረሸረ ይሄዳል፤ ከሁለትና ሦስት አሥርት ዓመታት በኋላ ማንም በዕቅድ ያልሠራው ደረጃ ይፈጠራል። ማረጋገጫው በአንድ ማሳ ውስጥ ያለው ልዩነት ነው። ከደረጃው በታች ያለው የማሳ ራስ አፈሩ ስስ ስለሆነ ፈዘዝ ያለ ቀለም ይኖረዋል፤ አዝመራውም አጭር ይሆናል። የማሳው ግርጌ ግን አፈር የተከማቸበት በመሆኑ ጠቆር ይላል፤ የአገዳው ቁመትም ይጨምራል። በጥር ወር በቆሎው ተሰብስቦ አገዳው ቆሞ ከቀረ ይህ የቁመት ልዩነት በጥላው ርዝመት ሊታይ ይገባል።

ደረጃዎቹ ከማሳ ይልቅ በግጦሽ ላይ ከሆኑና እያንዳንዳቸው ከአንድ እርምጃ የማይሰፉ ጠባብ መስመሮች ከሆኑ ደግሞ ከብት እየተመላለሰ ያወጣቸው መንገዶች ናቸው።

ስለ ክቡ ብዙ መጻፍ አያስፈልግም፤ መጠኑ ብቻውን ይመልሰዋል። ከአውሮፕላን የሚታዩት የመስኖ ክቦች የሚሠሩት በአንድ ምሰሶ ዙሪያ በመንኰራኩር በሚሽከረከር ረጅም ቧንቧ ነው። ይህንን መሣሪያ ፍራንክ ዛይባክ የተባለ አሜሪካዊ ገበሬ ፈልስፎ የባለቤትነት መብቱን በ1952 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አግኝቷል። የተለመደው የቧንቧ ርዝመት 400 ሜትር ያህል ስለሆነ ክቡ ወደ 50 ሄክታር ይሸፍናል። በቀን 8 ሚሊ ሜትር ውኃ ለማጠጣት 4,000 ሜትር ኩብ፣ ማለትም ሌት ተቀን በሰከንድ 46 ሊትር ያህል መሳብ ይኖርበታል። በአንድ ኮረብታ ላይ የብዙ ገበሬዎች አነስተኛ ማሳዎች ተጠጋግተው በሚኖሩበት አገር፣ ያውም በተዳፋት ላይ፣ ለእንዲህ ያለ መሣሪያ ቦታም ኃይልም የለም። በእርስዎ ፎቶግራፍ ላይ ክቡ ከጎጆው አጠገብ ነው ብለዋል፤ ስለዚህ ጎጆውን እንደ መለኪያ እንጠቀም። የጎጆው ወርድ 6 ሜትር ያህል ነው ብንልና ክቡ የጎጆውን አንድ ተኩል ያህል ከሆነ 9 ሜትር ይሆናል። የመስኖ ክብ ቢሆን ኖሮ ከዳር እስከ ዳር 800 ሜትር ይሆን ስለነበር መንደሩን በሙሉ ይውጠው ነበር።

ያ ክብ አውድማ ነው። ጤፍ በሐምሌና በነሐሴ ተዘርቶ በኅዳርና በታኅሣሥ ይታጨዳል፤ ውቂያው እስከ ጥር ይዘልቃል። መሬቱ ተጠርጎ በእበት ይለቀለቅና ይደርቃል፤ በሬዎች በላዩ እየዞሩ ስለሚያበራዩበት ቅርጹ ክብ ይሆናል። ከላይ ወደ ታች ሲነሳ ክቡ ሞላላ መስሎ ይታያል፤ ወለሉ ለስላሳና ከዙሪያው መሬት የተለየ ነው፤ ከአጠገቡም የገለባ ክምር መኖር አለበት። የጤፍ ጭድ ክምር ጫፉ ሾጠጥ፣ ጎኑ ለስላሳ ሆኖ ይታያል። የበቆሎ አገዳ ክምር ግን ሸካራ ነው፤ ብዙውን ጊዜም በዛፍ ላይ ተደግፎ ወይም ቆሞ ይቀመጣል። ከክቡ አጠገብ የጤፍ ጭድ ካዩ ከደረጃዎቹ መካከል ቢያንስ አንዱ ላይ በዚያ ዓመት ምን እንደተዘራ አወቁ ማለት ነው። በቅርብ የታጨደ የጤፍ ማሳ ወጥና አጭር ገለባ ያለበት ሆኖ ከበቆሎው ማሳ ይለያል።

የመጨረሻው ጫካው ነው፤ ጅማነትን ለመመስከርም ከጨፌው ቀጥሎ የምተማመነው በእሱ ነው። በማና፣ በጎማ፣ በሊሙ ኮሳና በሰቃ ጨቆርሳ ያሉ ኮረብታዎች ከሩቅ ሲታዩ ደን ይመስላሉ፤ ብዙዎቹ ግን የቡና ማሳዎች ናቸው። የተፈጥሮ ደን ከሆነ ከላይ እስከ መሬት ድረስ ቅጠሉ በየደረጃው የተደራረበ፣ ሐረግ የበዛበት፣ ግንዱም የማይታይ ነው። የቡና ጥላ ግን በሰው እጅ የተመነጠረ ነው። ዛፎቹ ተራርቀው ይቆማሉ፤ ብርሃን በመካከላቸው ስለሚገባ ከጫካው ጠርዝ ግንዳቸውን ማየት ይቻላል፤ ከሥራቸውም ቁመቱ ከሁለት እስከ አራት ሜትር የሚሆን ተመሳሳይ፣ ጥቁር አረንጓዴና አንጸባራቂ ቁጥቋጦ በወጥነት ይዘረጋል። ዛፎቹም የተመረጡ ናቸው። አናቱ እንደ ጠረጴዛ ጠፍጣፋ ሆኖ የተዘረጋው ሰሳ ወይም ግራር ሲሆን፣ ከቅጠሉ መካከል ጥቂት ብርቱካንማ ነጠብጣብ የሚታይበት ብሳና ነው፤ የብሳና ቅጠል ከመርገፉ በፊት እንዲህ ያለ ቀለም ይይዛልና። ዋንዛም ከእነሱ ጋር አይጠፋም።

በጥር የቡናው ለቀማ በአብዛኛው ስለሚያልቅ ቀዩን ፍሬ ከፎቶግራፉ አይጠብቁ። ይልቁንስ በቤቶቹ አጠገብ ጀንፈል የተሰጣበትን ቦታ ይፈልጉ፤ በሰሌን ወይም በአልጋ ላይ የተዘረጋ፣ አራት ማዕዘንና ጠቆር ያለ ሆኖ ይታያል። ከቤቱ ጓሮ ቅጠሉ ሰፊና ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የቆመ ተክል ካዩ ደግሞ ከሙዝ ይለዩት። እንሰት በአንድ ወፍራም ግንድ ለብቻው ይቆማል፤ ቅጠሉም ከሥሩ አካባቢ ጀምሮ ወደ ላይ ይዘረጋል። ሙዝ ግን በችግኞቹ ተከቦ በቁጥቋጦ መልክ ይገኛል፤ ቅጠሉም ከፍ ካለው ግንድ ጫፍ ላይ ይወርዳል።

ከእነዚህ አንዱ ብቻውን ቦታውን አያረጋግጥም። አውድማ በመላው ደጋና ወይና ደጋ አለ፤ የሣር ወሰን ደረጃም በየትኛውም የታረሰ ኮረብታ ላይ ይፈጠራል። ነገር ግን ከላይ ቡና በጥላ ሥር፣ በመሐል የጤፍና የበቆሎ ማሳ፣ ከጓሮ እንሰት፣ ከግርጌ በቦይ የተንጣፈፈ ጨፌ፣ ይህ ሁሉ በአንድ ሸለቆ ከተገኘ ከጅማና ከኢሉባቦር ወይና ደጋ ውጭ ብዙ የሚመረጥ አገር የለም። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ግን ከእርሻው ብቻ መለየት አይቻልም፤ እዚያ ላይ የአባትዎ ጽሑፍ ይፈርዳል።

ፎቶግራፉን የሚያስቃኙ ከሆነ በኢንች ከ1,200 ነጥብ ባላነሰ ጥራት ያስቃኙትና ሁለት ቦታዎችን ብቻ አጉልተው ይመልከቱ፤ አንደኛው የሸለቆው ቦዮች የሚገናኙበት፣ ሁለተኛው የጫካው የታችኛው ጠርዝ ነው። በመጀመሪያው ላይ ውኃው በመስመሮቹ ውስጥ ሳይሆን በመደቦቹ ላይ ተኝቶ ካገኙት ከላይ ስለ ጨፌው የጻፍኩት ፍርድ ይለወጣል፤ ያኔ ወሩም እንደገና መመርመር ይኖርበታል።